አንድ ከሃያ የተቆረጡት ስታፋዎች

የቋራዋ ከተማ ገለጉ የገባሁት በግንቦት መጨረሻ፣ ስሚንቶ የጫነ አይሱዙ ጋቢና ውስጥ ተቀምጬ ነው። ከቴክኒክና ሙያ ኮሌጅ በኮንስትራክሽን ከተመረቅሁ ሁለት ዓመት አልፎኝ ነበር። ሁለቱንም ዓመት ሸሕዲ ላይ የእህቴን ሱቅ ስጠብቅ ኖርሁ። ሥራ ፍለጋ በየቢሮው የተውኳቸው ማመልከቻዎች መልስ አልነበራቸውም። በኋላ አንድ የጎንደር ኮንትራክተር፣ ገለጉ ጤና ጣቢያ ግቢ ውስጥ ለሚሠራው የእናቶች ማቆያ ቤት ተቆጣጣሪ አጥቶ፣ «ሙቀቱን ትችይዋለሽ?» ብሎ ጠየቀኝ። እችለዋለሁ አልሁ። ያደግሁት እዚያው በረሃ ነው።

ቤቱ ለምን እንደተፈለገ ማንም ሊነግረኝ አላስፈለገም። ክረምት ሲገባ የቋራ ጥቁር አፈር መኪና ይውጣል። ከሩቅ ቀበሌ ያለች ነፍሰ ጡር ምጧ ሲመጣ ብትነሳ አትደርስም። ስለዚህ ቀኗ ሳይደርስ መጥታ የምትቆይበት ቤት ያስፈልጋል። አሥራ ሁለት ኮለን፣ ማለት የአርማታ ምሰሶ፣ ያለው፣ ባለ አንድ ፎቅ እንኳ ያልሆነ ቤት ነው፤ ለእኔ ግን የመጀመሪያዬ ነበር።

ሳይቱ ላይ አራት ፌራዮዎች ነበሩ። ፌሮ፣ የአርማታውን ብረት፣ የሚቆርጡት፣ የሚያጥፉትና የሚያስሩት እነሱ ናቸው። አለቃቸው ከጎጃም የመጡ፣ ስልሳ ዓመት የሚጠጋቸው ቀጭን ሰው ነበሩ። ሁላችንም ጋሼ እንላቸዋለን። መዳፋቸው ከዝገት ብዛት ቡናማ ሆኗል፤ ቢታጠቡም አይለቅም። ድምፃቸው ዝቅ ያለ ስለሆነ ሲያዙ ለመስማት መቅረብ ያስፈልጋል።

ሌሎቹ ሦስቱ ጎልማሶች ናቸው። እኔን «ልጅቷ» ነበር የሚሉኝ። «ልጅቷ መጣች»፣ «ልጅቷን ጠይቃት»። በተለይ አንዱ ሪዛም፣ እኔ በሄድሁበት ሁሉ ጥርሱን የሚያሳይ ይመስለኝ ነበር። አሁን ሳስበው ሰውየው ለሁሉም ሰው የሚስቅ ሰው ነው። ያኔ ግን እንደዚያ ማሰብ አልቻልሁም።

በሦስተኛው ቀን ይመስለኛል፣ ጋሼ ከመሠረት ለሚነሱት የኮለን ፌሮዎች ባለ አሥራ ስድስት ሚሊውን ሲያስቆርጡ ደረስሁ። የተቆረጠውን ለካሁት። ሁለት ሜትር ከዘጠና ሁለት ሳንቲም ሆነ። እጄ ላይ የፌሮ ዝርዝሩ ነበር፤ ከጎንደር የመጣ ፎቶ ኮፒ ነው። በእያንዳንዱ መስመር ላይ የፌሮው መለያ ቁጥር፣ ውፍረቱ፣ ብዛቱ፣ ሲታጠፍ የሚይዘው ቅርጽ ትንሽ ሥዕል፣ ከዚያም በA፣ በB፣ በC የተሰየሙ የጎኖቹ ልኮች አሉ። በቀኝ በኩል መጨረሻ ላይ ደግሞ የመቁረጫ ርዝመቱ መኖር ነበረበት። ኮፒ ያደረገው ሰው ወረቀቱን አጣሞ ስላስገባው ያ ዓምድ ተቆርጦ ቀርቷል።

«ጋሼ፣ ይችን ልክ ከየት አመጧት?» አልኋቸው።

«ከወረቀቱ ናት።»

«ወረቀቱ ላይማ የለችም። እስቲ ያሳዩኝ።»

ወረቀቱን ዘረጋሁላቸው። ተቀበሉኝ። አውራ ጣታቸውን ከመስመር ወደ መስመር እያስኬዱ ቆሙ። ሦስቱም ሥራቸውን አቁመው ያዩናል።

«መነጽሬን ረስቼው መጥቻለሁ» አሉ በመጨረሻ።

«መነጽር ደሞ መቼ ኖሮዎት ያውቃል?» አለ ሪዛሙ። ሦስቱም ሳቁ።

ያን ጊዜ መተው ነበረብኝ። አልተውሁም። «ቆርጠውታል እኮ፤ ታዲያ ሳያነቡ እንዴት ቆረጡ?» አልኋቸው፣ ሁሉም እንዲሰማ አድርጌ።

ወረቀቱን መለሱልኝና መሬት መሬት እያዩ ተናገሩ። «እግሯ ሠላሳ። ቁመቷ አንድ ከሰማንያ አምስት። ከላይ የሚመጣው ፌሮ የሚደራረብባት ሰማንያ። ሲታጠፍ ማዕዘኗ ሦስት ሳንቲም ይመልሳል። ሁለት ከዘጠና ሁለት።»

በልቤ ደመርሁት። ሠላሳና መቶ ሰማንያ አምስት ሁለት መቶ አሥራ አምስት። መደራረቢያው የውፍረቱ ሃምሳ እጥፍ ነው ይላል ከወረቀቱ ግርጌ ያለው ማስታወሻ፤ ሃምሳ ጊዜ አሥራ ስድስት ሚሊ ሰማንያ ሳንቲም ነው። ሁለት መቶ ዘጠና አምስት። ፌሮ ሲታጠፍ ማዕዘኑን ዞሮ ስለሚያልፍ ከውጭ የተለኩት ሁለት ጎኖች ድምር ከፌሮው እውነተኛ ርዝመት ይበልጣል፤ ለአንድ ቀጥ ያለ እጥፋት የውፍረቱን ሁለት እጥፍ፣ ሦስት ሳንቲም ከምናምን ይቀነሳል። ሁለት ከዘጠና ሁለት። በትክክል።

ትክክል ነዎት ማለት ግን አቃተኝ። «ከዛሬ ጀምሮ ልኩን እየጻፍሁ የምሰጠው እኔ ነኝ። እኔ ሳልፈርም አንድ ፌሮ እንዳይቆረጥ» ብዬ ሄድሁ። ያሸነፍሁ መስሎኝ ነው።

በማግሥቱ ራኩባው ሥር፣ የሳር ጥላ ውስጥ፣ በስሚንቶ ከረጢት ላይ ተቀምጬ የስታፋዎቹን ልክ ማውጣት ጀመርሁ። ስታፋ ማለት የኮለኑን የቆሙ ፌሮዎች እንደ መቀነት ዙሪያቸውን የሚይዘው ባለ አራት ማዕዘን ቀለበት ነው። ኮለኑ ሠላሳ በአርባ ነው። ከየጎኑ ሁለት ሳንቲም ተኩል የአርማታ ሽፋን ሲቀነስ ስታፋው ከውጭ ወደ ውጭ ሃያ አምስት በሠላሳ አምስት ይሆናል። ሃያ አምስትና ሠላሳ አምስት ስልሳ፤ ሁለት ጊዜ ስልሳ መቶ ሃያ። አንድ ከሃያ።

አንድ ቤርጋ ፌሮ አሥራ ሁለት ሜትር ነው። ለአንድ ከሃያ ሳካፍለው ልክ አሥር ወጣ፤ አንዲት ሳንቲም ቁራጭ የማትተርፍበት። ደስ አለኝ። ቁጥሩ እንዲያ አምሮ ሲወጣ ትክክል መሆኑን የሚመሰክርልኝ መሰለኝ። ኮንትራክተሩ ሲሰማ ምን እንደሚል ሁሉ አሰብሁ። ሥዕሉ ላይ ከቀለበቱ ጥግ ወደ ውስጥ የገቡ ሁለት ትናንሽ ጭረቶች ነበሩ። የኮፒው ቆሻሻ ነው ብዬ አለፍኋቸው።

ለኮለኖቹ ከሚያስፈልገው ሁለት መቶ አርባ ውስጥ የዕለቱን ሰሌዳው ላይ በጠመኔ ጻፍሁ፦ ባለ ስምንት ሚሊ፣ አንድ ከሃያ፣ መቶ ሰማንያ ፍሬ።

ጋሼ መጥተው ሰሌዳው ፊት ቆሙ። ቁጥር ያነባሉ፤ ሜትሮ በየቀኑ የሚያነቡ ሰው ናቸው።

«አንድ ከሃያ ነው ያልሽው?»

«አዎ።»

«ለኮለኑ?»

«ለኮለኑ ነው ጋሼ። ወረቀቱ ነው ያለው።»

ቀና ብለው አዩኝ። አንድ ነገር ሊሉ ከንፈራቸው ተንቀሳቀሰ። ከዚያ ዞር ብለው ለሰዎቻቸው «በሉ ቁረጡ» አሉ።

አሥራ ስምንት ቤርጋ እስከ ምሳ አለቀ። መቶ ሰማንያ ቁራጭ፣ ሁሉም እኩል፣ እንደ ቀርከሃ ተደርድሮ። ከምሳ በኋላ ሪዛሙ ማጠፊያው ጣውላ ላይ ቆሞ ማጠፍ ጀመረ። ፌሮውን ጣውላው ላይ በተመቱት ምስማሮች መሐል አስገብቶ አንዱን ማዕዘን አጠፈ፣ ሁለተኛውን፣ ሦስተኛውን። እየተከመረ ሄደ። እኔ ውሃ ያመጣውን ጋሪ ስቀበል ቆይቼ ስመለስ አሥራ ሁለት አጥፎ አቁሞ ነበር።

«ይቺ ነገር አትዘጋም» አለኝ። እየሳቀ አልነበረም።

አንዱን አነሳሁ። ሁለቱ ጫፎች አንድ ጥግ ላይ ደርሰዋል። ግን ወደ ውስጥ ታጥፎ የቆሙትን ፌሮዎች መያዝ ያለበት ጫፍ፣ እኛ ሁክ የምንለው፣ የአውራ ጣት ያህል እንኳ አይሆንም። ለካሁት፤ አምስት ሳንቲም አይሞላም። ወረቀቱን ከኪሴ አወጣሁና ግርጌውን ደግሜ አነበብሁ። «የስታፋ ሁክ በእያንዳንዱ ጫፍ አሥር ሳንቲም፣ ወደ ውስጥ የሚታጠፍ።» ያ ጭረት ቆሻሻ አልነበረም። ሁኩ ነበር። ሥዕሉ ላይ ተስሎልኝ፣ ግርጌው ላይ ተጽፎልኝ፣ ሁለቱንም ዘልያለሁ።

ያጠረ ፌሮ አይረዝምም። ባለ ስምንቱ ደግሞ የመጣልን በቁጥር ነው፤ ሃምሳ ሦስት ቤርጋ ያስፈልገናል ተብሎ ሃምሳ ስድስት ተልኳል፣ ሦስት ትርፍ። ሰማዩ በምዕራብ በኩል ከጠቆረ ሦስት ቀኑ ነው። የመጨረሻው አይሱዙ ትናንት በትራክተር ተጎትቶ ነው የወጣው።

ሪዛሙ ፊቴን አይቶ አዘነልኝ መሰለኝ ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ምን ያስጨንቅሻል? ጥጓን በሽቦ ጥፍንግ አድርገን እናስራታለን። አርማታ ከለበሰ በኋላ ማን ያያታል?»

እውነቱን ለመናገር ያን ጊዜ እሺ ልል ነበር። አፌ ላይ ደርሶ ነበር።

ጋሼ ከኋላችን ቆመው ኖሯል። መጥተው ስታፋውን ከእጄ ወሰዱ። ከዚያ መሬት አስቀመጡትና የሁለት እጃቸውን ጣቶች አጥፈው እርስ በርስ አቆላልፈው ያዙ። «ሳቢ» አሉኝ። በሁለት እጄ ክንዳቸውን ይዤ ሳብሁ። አልተላቀቀም። ቀጥለው ጣቶቻቸውን ዘርግተው ጫፍ ለጫፍ ብቻ አነካኩ። «አሁን ሳቢ።» ስነካቸው ተለያየ።

«ኮለን ከላይ ሲጫነው ፌሮው ወደ ጎን ልምጥ ሊል ይፈልጋል» አሉ። «ስታፋው ነው እንዳትወጣ የሚለው። ሁኩ አርማታው ሆድ ውስጥ ካልነከሰ ይፈታል። ሽቦውማ እኛ አርማታ እስክናፈስ ድረስ እንዲቆምልን ነው እንጂ ሌላ ጉልበት የለውም። እዚህ ቤት ውስጥ የሚተኙት እነማን እንደሆኑ ታውቃላችሁ።»

ሪዛሙ አንገቱን ደፋ።

ስልክ የሚሠራው ከጤና ጣቢያው ጀርባ ካለችው ጉብታ ላይ ነው። ወጣሁ። መንገድ ላይ ሦስት ዓይነት ውሸት አሰናድቼ ነበር፤ ወረቀቱ ተሳስቷል፣ ፌራዮዎቹ አልሰሙኝም፣ ፌሮው ሲመጣ አጥሮ ነው። ኮንትራክተሩ «ሃሎ» ሲል ግን ሁሉም ጠፋብኝና «ስታፋውን አሳጥሬ አስቆርጫለሁ። ስህተቱ የእኔ ነው» አልሁት። ጮኸብኝ። የጮኸውን ሁሉ አልጽፈውም። በመጨረሻ «መንገዱ እስኪደርቅ አንድ ቤርጋ አልክም። ያለው ይበቃ እንደሆነ አስቢበት፤ ካልበቃ ሻንጣሽን ያዢ» ብሎ ዘጋው።

ስመለስ ሰዎቹ ተበታትነዋል። ጋሼ ብቻቸውን ከተቆረጠው ክምር አጠገብ፣ ባዶ የሽቦ ጥቅል ላይ ተቀምጠዋል። አጠገባቸው መሬት ላይ ተቀመጥሁ። እንባዬ መጣ፤ በነጠላዬ ጫፍ ጠረግሁት።

«ነገርሽው?» አሉኝ።

«ነገርሁት።»

«ጎበዝ።» ከተቆረጠው አንዱን አንስተው በእጃቸው አገላበጡ። «እኔም የምነግርሽ አለኝ ልጄ። ጠዋት ሰሌዳው ላይ ሳየው አውቄዋለሁ። ሁኩን እንደረሳሽው ገብቶኛል። ሁለት ጊዜ ጠየቅሁሽ። ሦስተኛ ጊዜ ልጠይቅሽ ይገባኝ ነበር። ተቀይሜሽ ነው የተውሁት። ይለይላት ብዬ። ይኼ የእኔ ጥፋት ነው።»

«እኔ ነኝ ያስቀየምሁዎት» አልሁ።

«ያንብቡ ማለትሽ አይደለም ያስቀየመኝ። ቁጥሩን አውቀዋለሁ። ፊደሉን ነው የማላውቀው። የትኛው ቁጥር የትኛው ጎን እንደሆነ የሚለየው ያ የፈረንጅ ፊደል ነው። ሠላሳ ዓመት ሙሉ ሌላ ሰው እያነበበልኝ፣ እኔ በጭንቅላቴ እየያዝሁ ነው የሠራሁት። ለእነሱ ነግሬያቸው አላውቅም። አንቺ ግን በፊታቸው ገለጥሽብኝ።»

እጃቸውን ይዤ «ይቅር ይበሉኝ» አልሁ። «ይቅር ለእግዚአብሔር» አሉና እጃቸውን ቀስ ብለው አስለቀቁኝ፤ ሥራ እንዳለብን የሚያስታውሱኝ ይመስል። «በይ አሁን ያን ወረቀት አምጪው። ኮለኑ ብቻውን አይደለም ስታፋ የሚበላው። ግሬድ ቢሙ ስንት በስንት ነው?»

ግሬድ ቢም መሬት ላይ ኮለኖቹን እርስ በርስ የሚያያይዘው የአርማታ መቀነት ነው። መስመሩን ፈልጌ በጣቴ አሳየኋቸው። «ሃያ አምስት በሠላሳ አምስት።»

«ሽፋኑ ያው ከሆነ ስታፋው ሃያ በሠላሳ ነው። ሃምሳ። ዙሪያው መቶ። ሁኩ?»

«ሁለት ጊዜ አሥር፣ ሃያ። መቶ ሃያ!» ብዬ ጮህሁ። «ልክ የቆረጥነው ነው!»

ፈገግ አሉ። «ኧረ ቆይ፤ እጥፋቱን አልቀነስሽም።»

ቀነስን። ሦስቱ ቀጥ ያሉ ማዕዘኖች እያንዳንዳቸው የውፍረቱን ሁለት እጥፍ፣ አንድ ሳንቲም ከስድስት ሚሊ ይመልሳሉ። ሁለቱ ሁኮች ከቀጥታ ማዕዘን አልፈው ወደ ውስጥ ስለሚዞሩ እያንዳንዳቸው የውፍረቱን ሦስት እጥፍ፣ ሁለት ሳንቲም ከአራት ሚሊ። ሁሉም ሲደመር አሥር ሳንቲም ሊሞላ ትንሽ ይቀረዋል። ስለዚህ ለግሬድ ቢሙ አንድ ከአሥር ይበቃል። ከየቁራጩ አሥር ሳንቲም ብቻ ቆርጠን እንጥላለን ማለት ነው። ለኮለኑ ደግሞ መቶ ሃያ ሲደመር ሃያ፣ ሲቀነስ አሥር፣ አንድ ከሠላሳ። ከአንድ ቤርጋ ዘጠኝ ብቻ ይወጣል፤ ሠላሳ ሳንቲም ቁራጭ ይተርፋል። ያ ያማረው አሥር ቁጥር ሐሰት ነበር።

«በወረቀት አትመኚው» አሉኝ። «አንዷን አጥፈሽ እይ። ሁልጊዜ መቶ ከመቁረጥሽ በፊት አንዷን።» አንዱን ቁራጭ አንድ ከአሥር አድርገው ቆረጡ፤ ራሳቸው ማጠፊያው ላይ ቆመው አጠፉት። ከውጭ ወደ ውጭ ለካሁት። ሃያ፣ ሠላሳ፣ ሁኩ አሥር። ከአዲስ ቤርጋ ደግሞ አንድ ከሠላሳ ቆርጠው አጠፉ። ሃያ አምስት፣ ሠላሳ አምስት፣ ሁኩ አሥር፤ ሁለቱም ጫፎች ወደ ውስጥ ተነካክሰው ገቡ።

ከዚያ ብዛቱን ቆጠርን። ለአሥራ ሁለቱ ኮለን ሁለት መቶ አርባ ስታፋ፤ በዘጠኝ ሲካፈል ሃያ ሰባት ቤርጋ። ለግሬድ ቢሙ ሁለት መቶ ስልሳ። ከመቶ ሰማንያው የታጠፉት አሥራ ሁለቱ ሞተዋል፤ አንዴ የታጠፈ ፌሮ ተቃንቶ ዳግም ከታጠፈ እጥፋቱ ላይ ይሰነጠቃል። መቶ ስልሳ ስምንት ቀረን። የጎደለውን ዘጠና ሁለት ለመቁረጥ አሥር ቤርጋ። ሃያ ሰባትና አሥር ሠላሳ ሰባት፣ በስህተት ከተቆረጠው አሥራ ስምንት ጋር ሃምሳ አምስት። መጋዘኑ ውስጥ የነበረን ሃምሳ ስድስት።

«አንድ ይተርፈናል» አልሁ። ማመን አቅቶኝ ደግሜ ቆጠርሁት።

በማግሥቱ ጠዋት፣ ሰዎቹ ሥራ ሳይጀምሩ፣ ሰሌዳውን አጠፋሁና አዲሱን ልክ ጻፍሁ። ከዚያ ዞር ብዬ «ትናንት ያስቆረጥሁት ስህተት የእኔ ነው። ባለፈው ጋሼን በእናንተ ፊት ያናገርሁበትም ልክ አልነበረም፤ ልካቸው ትክክል ነበር» አልኋቸው። ጋሼ ደግሞ «እኔም ፊደል አላውቅም። መነጽርም የለኝም» አሉ። ሪዛሙ ቀድሞ ሳቀ፤ ቀጥሎ ሁላችንም ሳቅን። ሳቁ ግን እንደ መጀመሪያው ቀን አልነበረም።

ከዚያ ጀምሮ በምሳ ሰዓት ራኩባው ሥር ወረቀቱን መሐላችን እንዘረጋለን። A የቱ ጎን እንደሆነ፣ B የቱ እንደሆነ እየሳልሁ አሳያቸዋለሁ። በሁለት ሳምንት ውስጥ ከእኔ ቀድመው መስመሩን የሚያገኙ ሆኑ። እሳቸው ደግሞ ወረቀቱ የማይናገረውን ያስተምሩኛል፤ የኮለን ፌሮዎች ሁሉ አንድ ቦታ ላይ ከተደራረቡ አርማታው መግቢያ እንደሚያጣ፣ ግማሾቹን ከፍ አድርጎ መቀጠል እንደሚሻል፣ የተጣመመ ሜትሮ ጫፉ ላይ ስንት ሚሊ እንደሚሰርቅ።

ነሐሴ ላይ፣ ዝናቡ በተሰበረባቸው ጥቂት ቀናት፣ ግሬድ ቢሙንና ኮለኑን አፈሰስን። ከዚያ በፊት ለቁጥጥር የመጣው መሐንዲስ መኪናው በትራክተር ተጎትቶ፣ ጭቃ እስከ ጉልበቱ ተለውሶ ደረሰ። በየኮለኑ እየጎነበሰ ሁክ ለካ። ሁለት ቦታ ላይ ሽፋኑ አነሰ ብሎ አሳሰበን፤ ስታፋውን ግን ምንም አላለም። ኮንትራክተሩ በስልክ «እንግዲህ ቀጥዪ» አለኝ። ከሱ ይህ ብዙ ነው።

ጋሼ መስከረም አጋማሽ ላይ ወባ ያዛቸው። ሲሻላቸው «ሚስቴ ብቻዋን ናትና አገሬ ልግባ» አሉ። ጠዋት በትራክተር ተሳቢ ላይ ስንጭናቸው ሪዛሙ ጋቢውን አውልቆ አለበሳቸው። ከዚያ በኋላ አላየኋቸውም። አንድ ጊዜ ባሕር ዳር አካባቢ ሳይት ላይ እንዳሉ ሰምቻለሁ፤ ስልካቸው ግን አይሠራም።

እኔ አሁን መተማ ዮሐንስ፣ የሰሊጥ መጋዘን ሥራ ላይ ነኝ። ባለፈው ክረምት ከገለጉ የመጣች ነርስ አግኝቼ ስለ ቤቱ ጠየቅኋት። ስድስት እናቶች አብረው የቆዩበት ጊዜ እንደነበር፣ አልጋው አልበቃ ብሎ ፍራሽ መሬት እንዳነጠፉ ነገረችኝ። ኮለኖቹ ስንጥቅ አውጥተው እንደሆነ ልጠይቃት ስል ወደ ሸሕዲ የሚሄደው ሚኒባስ ተጠራና ሮጠች።